አበበ ወይስ አበባ? የቆየ የመሬት ውል ባጭሩ ሲጻፍ

አዳማ ውስጥ በብዙ ቤት ሳጥን ስር የሚገኝ አንድ ዓይነት ወረቀት አለ። አራት ቦታ ታጥፎ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ከክርስትና ካርድና ከጋብቻ ወረቀት ጋር የተቀመጠ የእጅ ጽሑፍ ነው። አያት «የመሬቱ ወረቀት ነው፤ እንዳትጥሉት» ብለው አኑረውታል። ልጆች ሁለት መስመር ያነቡና ይተዉታል። የልጅ ልጅ ሲመጣ ደግሞ ጥያቄው አንድ ነው፦ «ባጭሩ ምን ይላል?»

የገጠር መሬት በ1967 ዓ.ም. የሕዝብ ሀብት ስለሆነ በእንዲህ ያለ ውል ዛሬ መሬት ይመለሳል ብሎ የሚጠይቅ ብዙም የለም። ቤተሰቡ የሚፈልገው ማን እንደሸጠ፣ ማን እንደገዛ፣ መቼና የት እንደሆነ ማወቅ ነው። ወረቀቱን አንድ ሰው አንዴ «ባጭሩ» ከጻፈው በኋላ ዋናውን ዘርግቶ የሚያይ አይኖርም። ማጠቃለያው የቤተሰብ ታሪክ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የማጠቃለያው ትልቁ ሥራ ወረቀቱ የማይለውን አለማስባል ነው።

በአንድ ምሳሌ እንሂድ። ከታች ያለው ውል የማንም ቤተሰብ አይደለም፤ ለማሳያ ያቀናበርኩት ነው። ችግሮቹ ግን በእነዚህ ወረቀቶች ላይ ዘወትር የሚያጋጥሙት ናቸው። የሻጭ፣ የዋስና የእማኞች ስም ከግርጌ በደንብ ይነበባል እንበል፤ ለምሳሌው ስለማያስፈልግ ትቼዋለሁ። የቀረው እንደዚህ ይገለበጣል፦

መስመር 1፦ ሰኞ ጥር ፲፬ ቀን ፲፱፻፵[ቀዳዳ] ዓ.ም. በዘመነ ሉቃስ

መስመር 2፦ በየረርና ከረዩ አውራጃ በ[2 ፊደል ያህል አይነበብም]ማ

መስመር 3፦ ባላባቱ ባሉበት ያለኝን [1 ቃል አይነበብም] ሲሶ መሬት

መስመር 4፦ ለአበ[በ ወይም ባ] በ፻፳[፮ ወይም ፯] ብር ሸጥኩ[ለ ወይም ላ]ት

መስመር 5፦ ዋጋውንም መቶ ሀያ [ስ ወይም ሰ፤ ቀሪው እጥፋት ላይ ጠፍቷል] ብር ተቀብያለሁ

ማጠቃለያ የሚጻፈው ከዚህ ግልባጭ ነው እንጂ በቀጥታ ከወረቀቱ አይደለም። ወረቀቱን እያዩ ወዲያው ማሳጠር የሚጀምሩ ሰዎች ያልተነበበውን ቃል ሳያውቁት ይዘሉታል፤ አእምሮ ክፍተትን መሙላት ይወዳል። መስመር በመስመር ሲገለበጥ ግን ክፍተቱ ፊት ለፊት ይመጣል፤ አንድ ነገር ሳይጽፉበት ማለፍ አይቻልም።

በቅንፎቹ ውስጥ ያለው ቃል የተለያየ መሆኑን ልብ በሉ። «ቀዳዳ» ማለት ወረቀቱ ራሱ የለም፣ ብል በልቶታል ወይም ተቀዷል ማለት ነው። «አይነበብም» ማለት ቀለሙ አለ፣ ፊደል እንደነበረም ይታያል፣ ነገር ግን ምን እንደሆነ አይለይም ማለት ነው። «ወይም» ያለበት ደግሞ ሁለት ንባብ ብቻ የቀረበት፣ ሌላው ሁሉ የተወገደበት ቦታ ነው። ልዩነቱ ለኋላ አንባቢ ትልቅ ነው። ቀለም ካለ በተሻለ ብርሃን ወይም በተሻለ ፎቶ ነገ ሊነበብ ይችላል። ቀዳዳን ግን ማንም አያነበውም። ሦስቱንም በነጥብ ነጥብ ብቻ ያሳየ ሰው ተስፋ ያለውንና የሌለውን አደባልቋል።

ስለ ብርሃን ካነሳን አይቀር፣ የአዳማ ቀትር ፀሐይ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ቀለሙን ያፈዛል፣ ፎቶውንም ነጭ ያደርገዋል። በረንዳ ጥላ ውስጥ አንድ ፎቶ ከላይ ቀጥ ብሎ ይነሳል። ከዚያ ጨለም ባለ ክፍል የስልክ መብራት ከወረቀቱ ጎን ዝቅ ተደርጎ ተይዞ ሁለተኛ ፎቶ ይነሳል፤ ቀለሙ የለቀቀበት ቦታ ላይ የብዕሩ ጫፍ የጫረው ጥላ ሠርቶ የሚታየው በዚህ ጊዜ ነው። ጀርባውንም አንሱ፤ ብዕር ተጭኖ የተጻፈ ፊደል ከጀርባ ጎልቶ ይወጣል። በውኃ ማርጠብ፣ በስኮች መለጠፍ፣ በፕላስቲክ ማሳሸግ ሦስቱም የማይመለስ ጉዳት ናቸው። ከሁሉ የከፋው ግን የደበዘዘውን ፊደል በቢክ ደግሞ መጻፍ ነው። እንዲህ የተደረገበት ወረቀት ከገጠማችሁ «እዚህ ላይ ሌላ እጅ በቢክ ደርቦበታል» ብላችሁ ጻፉ፤ ያ ንባብ የጸሐፊው ሳይሆን በኋላ የመጣው ሰው ግምት ነውና።

አሁን ወደ ዓመቱ። በግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለም። ፲፱፻፵ ብቻውን 1940 ነው፤ ከኋላው አንድ ምልክት ሲጨመርበት ደግሞ ከ1941 እስከ 1949 ካሉት አንዱ ይሆናል። እዚህ ወረቀት ላይ ከ፵ ቀጥሎ ቀዳዳ አለ። ከቀዳዳው ስር አንድ ቁጥር ነበረ ወይስ ባዶ ቦታ ነበር? ወረቀቱ አይናገርም። ቸኩሎ «1940 ዓ.ም.» ብሎ የሚጽፍ ሰው የሚታየውን በትክክል ያነበበ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ቀዳዳውን እንደ ባዶ ቦታ ቆጥሮታል።

ጸሐፊው ግን ሁለት ነገር ጨምሮልናል፤ ዘመኑንና ዕለቱን። ዓመተ ምሕረቱ ለአራት ሲካፈል ቀሪው 1 ከሆነ ዘመነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ዮሐንስ ነው። 1940 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል ዮሐንስ ይሆናል፤ ስለዚህ ከሉቃስ ጋር አይሄድም። ከ1940 እስከ 1949 ባለው ውስጥ ሉቃስ የሚሆኑት 1943 እና 1947 ብቻ ናቸው። ከሁለቱ ለመምረጥ ወደ ዕለቱ እንሂድ። መስከረም 1 ቀን 1943 ሰኞ ዋለ፤ መስከረም 1 ቀን 1947 ቅዳሜ። ከመስከረም 1 እስከ ጥር 14 ያለው ርቀት 133 ቀን ነው፤ ይህም ልክ 19 ሳምንት ስለሆነ ጥር 14 ሁልጊዜ መስከረም 1 በዋለበት ዕለት ይውላል። ስለዚህ ጥር 14 በ1943 ሰኞ፣ በ1947 ቅዳሜ ነበር። ወረቀቱ ሰኞ ይላል። ውጤቱ 1943 ነው።

ይህ ግምት አይደለም፤ ስሌት ነው። ንባብ ግን አይደለም። በግልባጩ ላይ ቅንፉ ውስጥ ፫ አይገባም፤ ቀዳዳው ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። በማጠቃለያው ላይ ነው «1943፣ ከዕለቱና ከዘመኑ ተሰልቶ የተገኘ» ተብሎ የሚጻፈው። ምክንያቱም ስሌቱ የቆመው ጸሐፊው ዕለቱንም፣ ቀኑንም፣ ወንጌላዊውንም በትክክል ጽፏል በሚል ላይ ነው። መስከረም ላይ ዘመኑ ሲለወጥ ያለፈውን ዓመት ወንጌላዊ የሚጽፍ ሰው አይጠፋም። ነገ ሌላ ሰነድ ተገኝቶ ቢቃረነው፣ የቱ ከወረቀቱ እንደመጣ፣ የቱ ከስሌት እንደመጣ ለይቶ የጻፈ ሰው ሥራው አይፈርስበትም።

መስመር 2 ለእኛ ለአዳማ ሰዎች ወጥመድ ነው። «[…]ማ» ሲል ዓይናችን ሳናዘው አዳማ ብሎ ያነባል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ግን የከተማው መንግሥታዊ ስም ናዝሬት ነበር። አዳማ የሚለው በሕዝቡ አፍ የኖረ ስለሆነ ጸሐፊው አዳማ ሊል አይችልም ማለት አይደለም፤ ይችላል። በማ የሚያልቅ የቦታ ስም ግን ብዙ ነው። የረርና ከረዩ አውራጃም ሰፊ ነበር፤ ናዝሬት ዋና ከተማው ሆነ እንጂ አውራጃው ናዝሬት ብቻ አልነበረም። ስለዚህ «በየረርና ከረዩ አውራጃ፣ ስሙ በማ በሚያልቅ ቦታ» ብሎ መተው ነው። ቤተሰቡ አዳማ መኖሩ ቦታው አዳማ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። በተቃራኒው፣ ቃሉ ጥርት ብሎ «ናዝሬት» የሚል ቢሆን ማጠቃለያው ላይ ናዝሬት ተብሎ ይቆያል፤ የዛሬዋ አዳማ መሆኗ በቅንፍ ይነገራል።

አሁን ርእሱ ላይ ወዳለው ጥያቄ፦ ገዥው አበበ ነው ወይስ ገዥዋ አበባ ናት? በና ባን የሚለያቸው አንድ እግር ነው፤ የባ የቀኝ እግር ወደ ታች ይረዝማል። በማተሚያ ፊደል ይህ ግልጽ ነው፤ በፈጣን እጅ ግን ልዩነቱ የስንዴ ፍሬ አያህልም። የተለመደው ዘዴ ሰዋስው ውስጥ ፆታን መፈለግ ነው፦ ሸጥኩለት ካለ ወንድ፣ ሸጥኩላት ካለ ሴት። እዚህ ግን ለና ላም የሚለያዩት በዚያው በቀኝ እግር ርዝመት ነው። ፍንጩ ራሱ ያንኑ ጥርጣሬ ይዞ መጥቷል።

እንዲህ ሲሆን ከቃሉ ወጥቶ ወደ ጸሐፊው እጅ መሄድ ነው። መስመር 3 ላይ «ባላባቱ ባሉበት» የሚል አለ። ቃሎቹ የማያጠራጥሩ ስለሆኑ ይህ ሰው ባን ሦስት ጊዜ፣ ላን አንድ ጊዜ፣ በን አንድ ጊዜ እንዴት እንደጻፈ ያሳዩናል። መስመር 1 ላይ ያለው «በዘመነ» ሌላ በ ይጨምርልናል። እነዚህን ከፎቶው ላይ ቆርጦ ጎን ለጎን መደርደር ነው። ያ ሰው በን ሲጽፍ ሁለቱን እግሮች እኩል ያቆማል፣ ባ ላይ ደግሞ ቀኙን ሁልጊዜ ያስረዝማል እንበል። ከዚያ ወደ መስመር 4 እንመለሳለን። ችግሩ እጥፋቱ ከፊደሉ እግር ስር ልክ በዚያ ያልፋል፤ እግሩ እጥፋቱ ላይ ቆሟል ወይስ ከእጥፋቱ አልፎ የወረደው ተፍቋል፣ አይታይም። የ«ሸጥኩ…ት» ፊደልም እዚያው እጥፋት ላይ ነው። እዚህ ላይ ማቆም ግዴታ ነው። «በዚያ ዘመን መሬት የሚገዛው አብዛኛው ወንድ ነው» ብሎ አበበ ማለት ወረቀቱን ማንበብ አይደለም። ሴቶችም በስማቸው መሬት ይይዙ፣ ይገዙና ይሸጡ ነበር፤ ያች ሴት አያታቸው ከሆነች ደግሞ ከቤተሰቡ ታሪክ ያጠፋናት እኛ ነን።

ማጠቃለያው ውስጥ ይህን እንዴት እንጻፈው? «ገዥው» ካልን ወስነናል፣ «ገዥዋ» ካልንም ወስነናል። አማርኛ ግን መውጫ ሰጥቶናል፤ አንቱታው ፆታ አይለይም። «ገዥ አበበ ወይም አበባ የሚባሉ ናቸው፤ ዋጋውን ከፍለዋል» ሲባል ክብሩም ተጠበቀ፣ ጥርጣሬውም ሳይደፈን ቀረ።

ዋጋው ላይ ያለው ችግር የዚህ ወንድም ነው፤ አጠር አድርጌ ልለፈው። ፮ና ፯ በእጅ ጽሑፍ በቀላሉ ይምታታሉ። ጸሐፊዎች ይህን ስለሚያውቁ ዋጋውን በቁጥርም በፊደልም ይጽፋሉ። እዚህ ግን በፊደል ከተጻፈው የቀረው አንድ ፊደል ብቻ ነው፤ ስድስት በስ፣ ሰባት ደግሞ በሰ ይጀምራሉ። የስ አናት ላይ ያለችው ጭረት ሰበር ትላለች፣ የሰ ቀጥ ትላለች። ያችም ጭረት ደብዝዛለች። ስለዚህ ዋጋው 126 ወይም 127 ብር ነው። «ወደ 126 ብር ገደማ» ብሎ መጻፍ ትሑት ይመስላል፤ ነገር ግን ስህተት ነው። «ገደማ» ከ120 እስከ 130 ያለውን ሁሉ ያካትታል፣ ወረቀቱ ግን ሁለት ቁጥር ብቻ ነው የሚፈቅደው። ጥርጣሬንም በልኩ መጻፍ ያስፈልጋል።

ወደ ዘመኑ ቃላት ስንመጣ ዋናው ሲሶ ነው። ሲሶ በቀጥታ ሲተረጎም ሦስተኛ እጅ ነው፤ በመሬት ወረቀት ላይ ግን ቢያንስ ሦስት ሥራ ይሠራል። አንደኛ፣ ተራ ክፍልፋይ ነው፤ «ሲሶ ጋሻ» ቢል የአንድ ጋሻ አንድ ሦስተኛ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ የመሬት ዓይነት ስም ነው። በደቡቡ ክፍል መሬት በቀላድ ማለትም በመለኪያ ገመድ ሲለካ፣ ሲሶው ለአካባቢው ባላባት ተትቶ የቀረው ወደ መንግሥት ይገባ ነበር፤ «የባላባት ሲሶ» የሚባለው ያ ድርሻ ነው። ሦስተኛ፣ የጭሰኝነት ውል ነው፤ «የሲሶ አራሽ» ከምርቱ ሦስተኛውን ለባለ መሬቱ የሚሰጥ ነው። እዚህ መሬቱ እየተሸጠ ስለሆነ ሦስተኛው ይርቃል። በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል የሚወስነው ግን ከሲሶ በፊት ያለው፣ ያልተነበበው ቃል ነው።

ሰው የሚሳሳተው ምኑ ላይ እንደሆነ እዚህ ጥርት ብሎ ይታያል። አንዱ ክፍተቱን «የጋሻ» ብሎ ይሞላል። ሁለተኛው ያንን ተቀብሎ ጋሻ 40 ሄክታር ነው ይላል። ሦስተኛው ለሦስት አካፍሎ «አያታችን 13 ሄክታር ገዙ» ብሎ ይጽፋል። ጋሻ 40 ሄክታር ያህል ነው የሚባለው ለአማካይ ነው፤ ልኩ እንደ ቦታውና እንደ መሬቱ ለምነት ይለያይ ነበር። እያንዳንዱ ግምት ብቻውን ትንሽ ይመስላል። ተደራርበው ሲወጡ ግን ወረቀቱ ላይ አንድም ቃል የሌለለት ቁጥር ሆኑ።

ባላባት የሚለውም ዛሬ ባለጸጋ ወይም የዱሮ ጌታ ማለት ሆኖ ይሰማል። በዚህ ውል ላይ ግን ሹመት ያለው፣ መንግሥት ያወቀው፣ በዘር የሚወርስ የአካባቢ መሪ ነው፤ «ባላባቱ ባሉበት» ማለትም ሽያጩ በፊታቸው ተፈጸመ ማለት ነው። ባላባቱ ፊት መሸጡ ግን መሬቱ የባላባት ሲሶ ነው አያሰኝም፤ ሁለቱን ማያያዝ ያጓጓል፣ ወረቀቱ ግን አያያይዛቸውም።

ብርም እንዲሁ ነው። አዲሱ የኢትዮጵያ የወረቀት ብር የወጣው በሐምሌ 1937 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ብር ሲባል በአብዛኛው ጠገራው፣ የማርያ ቴሬዛው ነበር፤ በጣሊያን ጊዜ ሊሬ፣ ከነፃነት በኋላም የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ገበያ ላይ ነበሩ። ዓመቱ 1943 ከሆነ የመንግሥቱ ገንዘብ አዲሱ ብር ነው። ጠገራ ግን አዲሱ ብር ከወጣ በኋላም ከሰው እጅ ወዲያው አልጠፋም። ውሉ «ብር» ብቻ ካለ እኛም «ብር» ብቻ እንላለን። ወደ ዛሬ ብር መመንዘርማ ጭራሽ አይሞከር።

እንግዲህ ማጠቃለያው ይህ ነው፦

«የመሬት ሽያጭ ውል ነው። የተጻፈው ሰኞ ጥር 14 ቀን፣ በዘመነ ሉቃስ ነው። የዓመቱ መጨረሻ ቀዳዳ ላይ ነው፤ የሚነበበው 194… ድረስ ሲሆን ከዕለቱና ከዘመኑ ሲሰላ 1943 ዓ.ም. ይሆናል። ቦታው በየረርና ከረዩ አውራጃ ነው፤ የቦታው ስም በማ ከማለቁ በቀር አይነበብም። ሻጭ ‹ሲሶ መሬት› ሸጠዋል፤ ከሲሶ በፊት ያለው ቃል ስለማይነበብ የክፍልፋይ መጠን ይሁን የመሬት ዓይነት አልተለየም፤ ስፋቱም አይታወቅም። ገዥ አበበ ወይም አበባ የሚባሉ ናቸው፤ ፊደሉ እጥፋት ላይ ነው። ዋጋው 126 ወይም 127 ብር ነው፤ ሻጭ መቀበላቸውን ጽፈዋል። ሽያጩ የተፈጸመው የአካባቢው ባላባት ባሉበት ነው። ዋስና እማኞች ከግርጌ ተጽፈዋል።»

ጥርጣሬዎቹን ከስር በኮከብ ምልክት ሳይሆን በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ማስገባቴ ሆን ብዬ ነው። ይህ ጽሑፍ በቴሌግራም ከአጎት ወደ አክስት ይሄዳል። ኮከብና የግርጌ ማስታወሻ በሁለተኛው መላላክ ላይ ይቀራሉ፣ የጥያቄ ምልክትም አንዱ «አስተካክለው» ብሎ ያጠፋዋል። «126 ወይም 127» የሚለውን ግን ለማጥፋት አውቆ መምረጥ ያስፈልጋል።

ከመላኩ በፊት ሁለተኛ ሰው ያንብበው፤ ግልባጩን ሳያይ፣ ከፎቶው ብቻ። የመጀመሪያውን ንባብ ያየ ሰው ያንኑ ያነባል፤ ዓይን በተነገረው ይመራል። ሁለቱ ግልባጮች በተለያዩበት ቦታ ሁሉ ቅንፍ ይገባል፣ አንደኛው አንባቢ እርግጠኛ ነኝ ቢልም እንኳ።

ምናልባት ከዚያው ሳጥን ስር የግብር ደረሰኝ ይወጣ ይሆናል፤ በላዩም «ወ/ሮ አበባ» የሚል ጥርት ብሎ ተጽፎ ይገኝ ይሆናል። ያን ጊዜም የውሉ ግልባጭ መስመር 4 አይነካም፤ «አበ[በ ወይም ባ]» እንዳለ ይኖራል። የሚጨመረው ማጠቃለያው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ በዚህና በዚህ ዓመት በተቆረጠ ደረሰኝ ላይ ግብር ከፋይዋ ወይዘሮ አበባ ተብለዋል፤ የውሉ ገዥ እሳቸው ሊሆኑ ይችላሉ። ደረሰኙም ፎቶ ተነሥቶ ከውሉ ጋር በአንድ ፋይል ይቀመጣል።